ሦስት ቋጠሮ፦ እናት መርሳት ሲጀምሩ ሁሉም ነገር መጃጀት ነው?

እትዬ አለሚቱ 69 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ጎንደር፣ ከቀሐ ኢየሱስ ብዙም አይርቅም። ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ታሪኩ የፈጠራ ነው። እሳቸውም ልጃቸው ትዕግሥትም በእውን የሉም። በእሳቸው ላይ የደረሰው ነገር ግን እውነተኛ ነው፣ በየቤቱም አለ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል። አቦል ተጠጥቶ ሲኒው ታጥቧል። እትዬ አለሚቱ ጀበናውን አነሱና እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ቆይተው «በሉ እንግዲህ፣ አቦሉን እንጠጣ» አሉ። ሰው ሳቀ፣ ትዕግሥትም ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

እንግዳው ሲወጣ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀመጧትና የነጠላቸውን ጫፍ ዘረጉላት።

«ቁጠሪው።»

ሦስት ቋጠሮ አለ።

«እንዳልረሳ ብዬ ጠዋት የቋጠርኩት ነው። አንዱ የእድር ነው፣ እሱን አውቃለሁ። ሁለቱን ግን ለምን እንደቋጠርኳቸው አላውቅም። ከፍልሰታ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ ልጄ። ለወንድምሽ እንዳትነግሪብኝ። ጃጀች ይሉኛል።»

ትዕግሥት አብዛኞቻችን የምንለውን አለች፦ «እማዬ ደግሞ፣ ዕድሜ ነው እኮ! እኔስ ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩ መች አውቃለሁ?»

ለማጽናናት ብላ ነው። ግን እንዲህ ስንል ወሬው እዚያው ይዘጋል። እናትየው ወራት ሙሉ ደብቀው፣ ፈርተው ያወጡት ነገር ተመልሶ ይገባል። ደግነቱ ትዕግሥት ማታ ስትተኛ ሁለቱ ቋጠሮ እንቅልፍ ነሷት።

ታዲያ ዕድሜ አይደለም እንዴ?

ዕድሜ ሲገፋ አእምሮ ይዘገያል። ይህ ያለ ነገር ነው። የሰው ስም ምላስ ጫፍ ላይ ቀርቶ ከሰዓታት በኋላ ብቅ ይላል። ጓዳ ገብቶ «ምን ልወስድ ነበር የመጣሁት?» ማለትም የተለመደ ነው። ይሄ ብቻውን ማንንም አያስጨንቅ።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ያው ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስቴ ሲጠየቅ። አርባ ዓመት የሄዱበት መንገድ ሲጠፋ። ወይም ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ። እትዬ አለሚቱ ቡና ማፍላት አልረሱም፣ የቱ ጋ እንደደረሱ ነው የጠፋባቸው። በዚያ ላይ ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የመጣ ሳይሆን በሁለትና ሦስት ወር ውስጥ ጎልቶ የታየ ለውጥ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ ምርመራ ይፈልጋል።

በነገራችን ላይ፣ ለውጡ በወራት ሳይሆን በሰዓታት ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ የሚናገሩት ከተምታታ የስኳር መውረድ፣ ኢንፌክሽን ወይም ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«የድሮውን አንድ በአንድ ያስታውሳሉ እኮ!»

በማግስቱ ትዕግሥት የራሷን ፈተና ሰጠች። «እማዬ፣ እስቲ የጎንደርን ታቦታት ቁጠሪልኝ።» እትዬ አለሚቱ ጀመሩ፦ ፊት ሚካኤል፣ ፊት አቦ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ... ሳይደናቀፉ ወረዱት። ትዕግሥት እፎይ አለች። አርባ አራቱን የሚቆጥር ሰው ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። የድሮ ትዝታ ደህና መሆኑ ስለ አሁኑ ብዙም አይነግረንም።

አእምሮን እንደ ቤት አስቡት። አዲስ ነገር በደጅ ይገባል፣ ጓዳ ይቀመጣል፣ ሲፈለግ ከጓዳ ይወጣል። አንጎላችን ውስጥ ሂፖካምፐስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ከደጅ ተቀብላ ወደ ጓዳ የምታስገባው እሷ ናት። በጣም የተለመደው የመርሳት በሽታ፣ አልዛይመር፣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እሷን በማጥቃት ነው። ስለዚህ የዛሬው ዕቃ ጓዳ ሳይገባ ደጅ ላይ ይጠፋል። ከሃምሳ ዓመት በፊት የገባው ግን ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል። የልጅነታቸውን ሠርግ በዝርዝር የሚያወሩ አዛውንት ቁርስ መብላታቸውን የሚረሱት ለዚህ ነው። ታቦታቱ ደግሞ ጓዳው ጥግ ከተቀመጡ ዘመናቸው ነው።

ሌላም ዓይነት ችግር አለ። ዕቃው ጓዳ ገብቷል፣ ግን መብራቱ ስለደበዘዘ ፈልጎ ማውጣት ያስቸግራል። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ «መርሳት» ናቸው። ውስጣቸው ግን ይለያያል።

ሐኪሙ እንዴት ይለየዋል?

ትዕግሥት ሐኪም ቤት ደውላ ቀጠሮ ስትይዝ አንድ ነገር ተነገራት፦ «የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ፣ ያቆሙትም ካለ።» ይህን ያስታወሰ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል።

ቀኑ ጥቅምት 21 ነበር። ሐኪሟ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ስትላቸው «ማርያም ናት» አሉ። ትክክል። በታቦት የሚቆጥር ሰው በቁጥር ካልመለሰ ብሎ ስሕተት ማለት አይገባም። ሰዓት ሥሉ፣ ዓረፍተ ነገር ጻፉ የሚሉትን ፈተናዎችም ተወቻቸው። እትዬ አለሚቱ ትምህርት ቤት አልገቡም። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ክብ መሣል ቢያቅተው የእጁ እንጂ የአእምሮው ችግር ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ሦስት ቃል ሰጠቻቸው፦ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ በቅሎ። ደግመው አሏቸው። ሌላ ሌላ ነገር ስታወራቸው ቆየችና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጠየቀቻቸው።

«ቁልፍ...» አሉ። ሌላው ጠፋ።

«አንዱ ፍራፍሬ ነው።»

«ሎሚ!»

«ሌላው የሚጋለብ ነው።»

«በቅሎ፣ በቅሎ። አዪዪ...»

ፍንጭ ሲሰጣቸው መጣላቸው። ይህ ማለት ቃሎቹ ጓዳ ገብተዋል፣ ያስቸገረው ማውጣቱ ነው። አልዛይመር ላይ ብዙ ጊዜ ፍንጩም አይረዳም፣ እንዲያውም «መቼ ነገርሽኝ?» ሊሉ ይችላሉ። እርግጥ በሦስት ቃል ማንም አይመረመርም፣ ቤታችሁ ሞክራችሁ ፍርድ እንዳትሰጡ። ለሐኪሟ ግን አቅጣጫ ሰጣት። እንዲህ ያለው አወጣጥ ላይ ያለ ድካም ከድብርት፣ ከታይሮይድ ማነስ፣ ከእንቅልፍ መድኃኒት፣ ከቫይታሚን ማነስም ሊመጣ ይችላል። አብዛኞቹ ደግሞ የሚታከሙ ናቸው።

ቀጥሎ ያልተጠበቀ ጥያቄ መጣ። «እትዬ፣ እግርዎትስ እንዴት ነው?»

ትዕግሥት ግር አላት። ለራስ መጥተው ስለ እግር? እትዬ አለሚቱ ግን እንደ ጠበቁት ሁሉ አወሩ። እግራቸው ጫፍ ጉንዳን እንደሚሄድበት ያደርጋቸዋል። ሌሊት ኪዳን ሲሄዱ ግንብ ግንቡን ይዘው ነው። በቀን ደህና ይሄዳሉ፣ በጨለማ ግን መሬቱ የት እንዳለ አያውቁትም። ምላሳቸው ይለበልባቸዋል፣ በርበሬ አልችል ብለዋል።

ሐኪሟ አስነሥታ እግራቸውን አስገጠመችና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ነገረቻቸው። ወዲያው ወላወሉ፣ ትዕግሥት ደገፈቻቸው። ዓይን ሲከፈት ቆሙ። እግር መሬቱን የሚሰማበት ነርቭ ሲደክም ዓይን ይተካዋል። ሲጨልም ወይም ሲጨፈን ግን የሚተካው የለም። ስለዚህ ነው በኪዳን ሰዓት ግንብ የሚያስይዛቸው።

ፌስታሉ ተከፈተ። ሜትፎርሚን፣ ለስኳር፣ 1000 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ 9 ዓመት ሙሉ። ኦሜፕራዞል፣ ለጨጓራ፣ ከ4 ዓመት በላይ። ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችና «ይጾማሉ?» አለች።

እትዬ አለሚቱ ተቀየሙ ማለት ይቻላል። «አልጾምም እንዴ?»

ሜትፎርሚን፣ ኦሜፕራዞልና ጾም ምን አገናኛቸው?

ቢ12 የሚባል ቫይታሚን ነው ያገናኛቸው። ሁለት ትልልቅ ሥራ አለው። አንዱ ደም መሥራት ነው። ሌላው የነርቭን ሽፋን መጠበቅ ነው። ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ብናየው በላዩ ላይ እንደ ላስቲክ ያለ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ሲሳሳ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይንጠባጠባል። እግር ላይ ሲሆን ጉንዳን፣ አንጎል ላይ ሲሆን የደበዘዘ መብራት ይሆናል።

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ሽሮም ምስርም ጤፍም የላቸውም። ጤፍ በብረት የታወቀ ስለሆነ ብዙ ሰው ደም ማነስን ሁሉ ይከላከላል ይላል፣ ይሄኛውን ግን አይከላከልም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ ሲደመር አንድ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። እንደ እትዬ አለሚቱ ያሉ ደግሞ ይጨምራሉ።

ግን ቆይ፣ ጾሙ ጥፋተኛ ነው እንዳይባል። ሰውነት በቀን የሚፈልገው ቢ12 2.4 ማይክሮ ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ከአንዲት ስኳር ፍሬ በእጅጉ ያነሰ። ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ያስቀምጣል። በፍስክ ወራት በደንብ የሚበላና በደንብ የሚፈጨው ሰው ጾሞ ይተካል። ጣጣው የሚመጣው መተኪያው በር ሲዘጋ ነው።

በሩ ደግሞ አንድ አይደለም። ቢ12 ከምግቡ ተላቆ የሚወጣው በጨጓራ አሲድ ነው፣ ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል፣ ዕድሜም እንዲሁ። ከተላቀቀ በኋላ ጨጓራ የሚያመነጨው አጃቢ ፕሮቲን ይይዘውና እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርስ ወደ ደም የሚገባበትን መንገድ ሜትፎርሚን ያደናቅፋል፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ካለና ለዓመታት ከተወሰደ። እንግዲህ ቁጠሩት፦ የሚገባው ትንሽ፣ መፍቻው የደከመ፣ መግቢያው የጠበበ። ጉበት ያስቀመጠውን ሲያወጣ ሲያወጣ ከርሞ አለቀበት። ብቻቸውን ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ይህን ላያደርጉ ይችሉ ነበር።

በምርመራ ይታያል?

መጀመሪያ የታየው በተራው የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ በሚባለው ነው። ሄሞግሎቢናቸው ወደ 10.1 ወርዷል። የቀይ ደም ሴላቸው መጠን፣ ኤምሲቪ የሚሉት፣ 108 ሆኗል። ከ100 ሲያልፍ ሴሎቹ ተልቀዋል ማለት ነው። በብረት ማነስ ሴሎቹ ያንሳሉ፣ በቢ12 ማነስ ግን ይተልቃሉ። «ደም ማነስ ነው» ተብሎ የብረት ኪኒን ብቻ ይዞ መመለስ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ከዚያ የቢ12 ልኬት ታዘዘ። ይሄኛው ሁሉ ቦታ አይሠራም፣ ናሙናው ተልኮ ውጤቱ በቀናት ሊመጣ ይችላል። መጣ፦ 132 ፒኮ ግራም በሚሊ ሊትር። ከ200 በታች ማነስ ነው፣ ከ200 እስከ 300 ያለው አጠራጣሪ ይባላል። ታይሮይድ፣ ኩላሊትና የስኳር መጠንም አብረው ታዩ፣ ደህና ናቸው።

ሁለት ስሕተት ግን እዚህ ላይ ይደጋገማል። አንደኛው፣ ሳይመረመሩ ፋርማሲ ጎራ ብሎ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ መወጋት ነው። ከዚያ በኋላ ደም ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስለሚታይ የቀደመውን ማወቅ ይከብዳል። ሁለተኛው ይከፋል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ከተሰጠ ደሙን ሊያስተካክለው ይችላል፣ ነርቩ ግን ከሥር መጎዳቱን ይቀጥላል። ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ ዳነ ይባላል፣ እግሩ ግን እየባሰበት ይሄዳል።

ሜትፎርሚኑን በራስ ማቆምም የለም። ስኳሩ የባሰ ነገር ያመጣል። እትዬ አለሚቱ ሜትፎርሚናቸውን ቀጠሉ። ኦሜፕራዞሉ ግን አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ ታይቶ በሐኪሟ ትእዛዝ ቀስ እያለ ተቀነሰ።

መርፌው ጾም ያስገድፋል?

ይህን የጠየቁት እሳቸው ናቸው፣ ጾመ ነቢያት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ከሥጋ የሚወጣ ነው አሉ፣ እውነት ነው?»

ሐኪሟ የመለሰችላቸውን ወድጄዋለሁ። ቢ12ን ከብቱም ራሱ አይሠራውም። የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ በከብቱ ሆድ ውስጥ ያሉት። የመድኃኒቱንም በፋብሪካ በጋን ውስጥ ባክቴሪያ አብቅለው ነው የሚያወጡት። «እርሾ ሊጥ እንደሚያቦካው በሉት» አለቻቸው። ስለ ጾሙ ግን እሷ አልፈረደችም፣ ለንስሐ አባታቸው ተወችው። እሳቸው ጠየቁ፣ «መድኃኒት ነው» ተባሉ፣ አለቀ።

መርፌው 1000 ማይክሮ ግራም ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት ቀን እየዘለለ፣ ቀጥሎ ለአንድ ወር በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ ታዘዘላቸው። አወሳሰዱ ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። መርፌ የሚመረጠው የተዘጋውን በር ሁሉ አልፎ በቀጥታ ስለሚገባ ነው። በየቀኑ የሚዋጥ 1000 ማይክሮ ግራም ኪኒንም ለብዙ ሰው ይሠራል። ከመቶው አንድ እጅ ገደማ ያለ አጃቢ ሾልኮ ስለሚገባ፣ ያቺው ለቀን ፍላጎት ትበቃለች።

ትዝታው ይመለሳል?

እዚህ ላይ ቀጥታ ልናገር። ደሙ ቶሎ ነው፣ በሁለት ወር ገደማ ይስተካከላል። ነርቭ ግን ዘገምተኛ ነው፣ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ማነሱ የወራት ከሆነ ብዙ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ የተጎዳው ሁሉ አይመለስም፣ ሕክምናው ባለበት ያቆመዋል።

ሌላም አለ። አንድ ሰው ቢ12 አንሶት ተገኘ ማለት አልዛይመር የለበትም ማለት አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። እንዲያውም መርሳት ጠንክሮባቸው ከመጡ አረጋውያን ውስጥ በቫይታሚን ብቻ ሙሉ በሙሉ የሚድኑት ጥቂት ናቸው። ለዚህ ነው ሐኪሟ «ድነዋል» ያላለቻቸው፣ በስድስተኛው ወር ሦስቱን ቃላት ቀይሬ እጠይቅዎታለሁ ነው ያለቻቸው። ያኔም ካልተሻላቸው የአንጎል ፎቶና ሌላ ምርመራ ይቀጥላል።

ለወንድምየው የነገሩት ራሳቸው ናቸው። «ደሜ ውስጥ የጎደለ ነገር ነበር» አሉት በስልክ፣ ስለ ስኳራቸው እንደሚያወሩት ሁሉ ረጋ ብለው።

ጥምቀት ደረሰ። ሌሊቱን ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ የትዕግሥትን ክንድ ይዘው ነበር፣ ግንብ ግን አልያዙም። የእግራቸው ጉንዳን አለ፣ ቀንሷል። የሰው ስም አሁንም ይዘገይባቸዋል። ቡና ላይ ቶናውን በተራው ቀድተዋል።

ጸሎቱ ሳይጀመር ትዕግሥት ዓይኗ የነጠላቸው ጫፍ ላይ አረፈ። አንድ ቋጠሮ። ልቧ ዝቅ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ የምንድን ነው?»

እሳቸው ሳያዩት ዳሰስ አደረጉት።

«የባጃጅ ብር ነው። ነገ መርፌዬ አይደል? አንቺ ረስተሽዋል?»